እኩል የደንበኛ ቁጥር፣ እኩል ያልሆነ ሥራ፦ እንዴት እንዳስተካከልነው

ለሁለት ሻጮች 60፣ 60 ደንበኛ ሰጥተን ነበር። አንዱ ቀጠሮ ማድረስ አቅቶት ሲሯሯጥ ሌላው ጊዜ ይተርፈዋል። በአምናው ሽያጭ እኩል ስናካፍልም አልሆነም፤ የአምናው ሽያጭ ደንበኛው የገዛውን እንጂ ሊገዛ የሚችለውን አያሳይም።

የሰራው በሰዓት መቁጠር ነው። ኤክሴል ላይ የዓመቱን ጉብኝት አንዱ ጉብኝት ከነመንገዱ በሚወስደው ሰዓት አባዛሁት። ትልቅ ደንበኛ 24 ጊዜ በ1.5 ሰዓት፣ 36 ሰዓት ይወስዳል። ትንሹ 4 ጊዜ ብቻ ስለሚጎበኝ 6 ሰዓት ይበቃዋል (መንገዱ ሩቅ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር በቀላሉ እጥፍ ይሆናል፣ እሱን እንዳትዘሉት)። A አምድ የሻጩ ስም፣ D አምድ ሰዓቱ ከሆነ፦

```
=SUMIFS(D:D,A:A,"ሻጭ 1")
```

20 ትልልቅና 40 ትንንሽ ያለው 960 ሰዓት ወጣለት፤ 5 ትልልቅና 55 ትንንሽ ያለው 510። 7 ትልልቆችን በ7 ትንንሾች ስናለዋውጥ 750 እና 720 ሆነ።

ሰዓት ብቻውን ግን አይበቃም። ደንበኛው ከሁሉም አቅራቢዎች በዓመት የሚገዛውን ግምት በሌላ አምድ ደምሩና በሁለቱም አምዶች የሻጮቹ ድምር እስኪቀራረብ ድረስ በሻጮቹ የሥራ ክልል ድንበር ላይ ያሉትን ደንበኞች ብቻ አዛውሩ። ድርድር ላይ ያለ ደንበኛ ካለ ድርድሩ እስኪያልቅ አትንኩት።