«በሁለት ሰዓት ደረስን» እና ሌሎች የጉዞ ስክሪፕት ስህተቶች

ስቴዲየም አካባቢ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ የጉዞ ቪዲዮ ስክሪፕቶችን አርማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ የቢሾፍቱ ጉዞ ነው። ከተማው ቅርብ ነው፣ ሐይቅ አለው፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ በሕዝብ ትራንስፖርት ደርሶ መመለስ ይቻላል። የሚጽፉት ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ሐይቁን ሲገልጹ ደስ ይላል። ተመልካቹ ግን ያንን ቪዲዮ አይቶ ከቤቱ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ቢሾፍቱን ይዤ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«በሁለት ሰዓት ደረስን»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደሰረዝኩት አላስታውስም። ጉዞው ሁለት ሰዓት ፈጀ ማለት ነው? ወይስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሳችሁ? በአማርኛ ሁለቱም ያስኬዳል። የጻፈው ሰው አብሮ ስለነበር ግልጽ ይመስለዋል። ሰሚው ግን መገመት አለበት፣ ግማሹም ተሳስቶ ይገምታል። «አንድ ሰዓት ተኩል» ላይም ያው ችግር አለ። ስክሪፕቱ ላይ 1:30 ተብሎ ሲጻፍማ አንባቢው ራሱ ይደናገራል፤ ከማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ «ይሄ መነሻው ነው ርዝመቱ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የደረሳችሁበት ሰዓት ከሆነ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ» በሉ፤ «ከጠዋቱ»ም «ላይ»ም አይቅሩ። ርዝመት ከሆነ «ይፈጃል» ወይም «ፈጀብን» የሚለው ግስ አብሮት ይሁን። ለድምፅ የሚነበበውን ቁጥር ደግሞ በፊደል ጻፉት።

እኔም በዚህ ሰው አሳስቻለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ስለ ሐዋሳ ጉዞ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ «መነሻ 11:30፣ መስቀል አደባባይ» ብዬ አስቀመጥኩ። ለእኔ ጎህ ሳይቀድ ማለት ነው። ለእረፍት ከውጭ የመጣ አንድ ተመልካች ግን ስልኩ ላይ 11:30 ሲል፣ በእኛ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሻንጣውን ይዞ መጣ። አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ቲኬቱ ተቃጠለ፣ የሁለት ቀን እቅዱም ተበላሸ። በትሕትና ነው የጻፈልኝ፣ እሱ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስክሪን ላይ ስጽፍ «ከንጋቱ 11:30፣ በፈረንጅ 5:30» እላለሁ። ሁለቱንም።

መንገዱን ብቻ መቁጠር

«ቢሾፍቱ አንድ ሰዓት ብትርቅ ነው» ይላል ስክሪፕቱ። ከየት ተነስቶ? ብዙ ጊዜ ከስልክ ካርታ ላይ የተወሰደ ነው። ካርታው የሚቆጥረው ጎማው የሚዞርበትን ጊዜ ብቻ ነው። ተመልካቹ ግን ታክሲ ይጠብቃል፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቀመጣል፣ ሲደርስም ባጃጅ ይፈልጋል።

አንድ ቅዳሜ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ወጣሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስቴዲየም ታክሲ ወረፋ ያዝኩ። ለመሳፈር 15 ደቂቃ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ለመድረስ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ እስኪሞላ 25 ደቂቃ ተቀመጥኩ። በአቃቂ እና በዱከም አልፎ ቢሾፍቱ ለመግባት 65 ደቂቃ፣ ከዚያ በባጃጅ ባቦጋያ ሐይቅ ለመድረስ 15 ደቂቃ። ድምሩ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ሐይቁ ዳር የቆምኩት ከጠዋቱ 3:40 ላይ ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ በጣም የሚለዋወጠው የመሙያ ጊዜው ነው። የመጨረሻ ወንበር ያገኘ ሰው ወዲያው ይሄዳል፣ መጀመሪያ የገባ ግን ሌላው እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ስክሪፕቱ «ስንገባ ሦስት ሰው ነበር፣ ለመነሳት 25 ደቂቃ ጠበቅን» ካለ ተመልካቹ የራሱን ሊገምት ይችላል። «ብዙም አልጠበቅንም» ግን ምንም አይነግረውም።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር። የአዳማ መኪና በፈጣን መንገዱ የሚሄድ ከሆነ ቢሾፍቱ ከተማ ውስጥ አይገባም። ከመሳፈር በፊት ረዳቱን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ጻፉ። ረዳቱ «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!» ብሎ ሊጠራ ስለሚችልም፣ ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው እንዳይደናገር ሁለቱንም ስም አንዴ ጥቀሱ።

«ትራንስፖርት 120 ብር»

የትኛው ትራንስፖርት? ለስሌቱ እንዲመች ብቻ እነዚህን ቁጥሮች እንያዝ፦ የከተማ ታክሲ 30፣ የቢሾፍቱ ሚኒባስ 120፣ ባጃጅ 80። መሄጃው 230 ብር ነው፣ ደርሶ መልስ 460። ስክሪፕቱ የጠራው ግን የመሃሉን ቁጥር ብቻ ነው፤ 300 ብር ይዞ የወጣ ተማሪ ለመመለሻ ያጥረዋል። ባጃጁም በሰው ነው ወይስ ኮንትራት? ለብቻ ኮንትራት ይዛችሁ ከሆነ ተናገሩ፣ በሰው ከሚከፈለው በጣም ይበልጣል።

ዋጋውን ደግሞ በድምፅ አታስገቡት። ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር ታሪፉ ይከተላል፣ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ድምፅ ግን በዚያው ሊንክ ላይ መልሶ መቅረጽ አይቻልም። በድምፅ «ሦስት ቦታ ትከፍላላችሁ» በሉ። ብሩን ስክሪን ላይ ከወሩና ከዓመቱ ጋር አድርጉት፣ ከቪዲዮው ስር ባለው ጽሑፍም ድገሙት። የስሩ ጽሑፍ ሲቀየር ይስተካከላል።

የተቀረጸበትን ቀን መርሳት

በሁዳዴ የቀረጻችሁት የምሳ ዋጋ የጾም ምግብ ዋጋ ነው፤ ተናገሩት። የኢሬቻ እሁድ፣ ከመስቀል በኋላ ሆራ አርሰዲ ላይ ሲከበር፣ ያያችሁትን መንገድና ወረፋም እንደ ተራ እሁድ አትጻፉት።

መመለሻ የሌለው ስክሪፕት

ይሄ ያሳዝነኛል። አሥር ደቂቃ ሙሉ መሄጃው ይተረካል፣ ከዚያ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ሙዚቃ ይገባል፣ አለቀ። ተመልካቹም ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። እሁድ ማታ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ነው የሚመለሰው፣ ሲመሽ መኪናው ይቀንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል። የተገኘው መኪናም ከታሪፉ በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ጠዋት እንደወረዳችሁ ተራ አስከባሪውን «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ቅረጹ። ባለፈው ያረምኩት ስክሪፕት መጨረሻው በፀሐይ ግባት ነበር። ከጻፈችው ልጅ ጋር ተቀምጠን እንዲህ አደረግነው፦ «ከሐይቁ የተነሳነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ለባጃጅ አሥር ደቂቃ ፈጀብን። መናኸሪያው ወረፋ ላይ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆምን። ቃሊቲ ስንገባ መሽቶ ነበር፣ የከተማ ታክሲ ግን አላጣንም።» ፀሐይዋን ከሚኒባሱ መስኮት ቀረጸቻት።