ቴርማል ካሜራ ይዛችሁ ቤታችሁ ሙቀት የሚያፈስበትን ስትፈልጉ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

ባለፈው ጥር ሴንት ፖል ሚኒሶታ ያለ ጓደኛዬ ማታ ላይ ፎቶ ላከልኝ። ስልክ ላይ የሚሰካ፣ የነገሮችን ሙቀት በቀለም የሚያሳይ ቴርማል ካሜራ ከስራ ባልደረባው ተውሶ ቤቱን ከውጭ አንስቶታል፣ መስኮቶቹ በሙሉ ቢጫና ቀይ ሆነዋል፣ ግድግዳው ደግሞ ወይንጠጅ። "በቃ ሙቀቱ የሚወጣው በመስኮት ነው አይደል? ልቀይራቸው ነው" አለኝ። ቤቱ በ1950ዎቹ የተሰራ ነው፣ ፎቁ ጣሪያው ስር የተሰራ አይነት፣ ልጆቹ እዛ ነው የሚተኙት፣ ሌሊት ጃኬት ለብሰው ማለት ነው። አንድ መስኮት ሻጭ መጥቶ አይቶ 11ዱንም መስኮት ካልቀየርክ አይሆንም ብሎታል። እኔ ሙቀት እንዳይወጣ ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ የሚሞላው ኢንሱሌሽን ስራ ላይ ነው ያለሁት፣ ይሄን ፎቶ በየክረምቱ ስለማየው እባክህ እስከ ቅዳሜ ምንም እንዳትፈርም አልኩት። ቅዳሜ ሄጄ ያየነውንና ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት ቀለሙን ማመን ነው። ካሜራው ሲመጣ አውቶ ላይ ነው ያለው፣ ማለትም ፊቱ ካለው ነገር ውስጥ በጣም የሚሞቀውን ቢጫ፣ በጣም የሚቀዘቅዘውን ወይንጠጅ ያደርገዋል፣ በመሀላቸው ያለው ልዩነት 40 ዲግሪ ይሁን 2 ዲግሪ ለሱ ግድ የለውም። ስለዚህ ምንም ችግር የሌለበት የሳሎን ግድግዳ ላይ ብታዞሩት 68 እና 70 ፋራናይት የሆኑትን ሁለት ቦታዎች ወስዶ አንዱን እሳት አንዱን በረዶ አስመስሎ ያሳያችኋል፣ ከዛ እናንተም ትደነግጣላችሁ። ቢጫ ማለት ትኩስ ማለት አይደለም፣ በዚህ ፎቶ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሞቅ ያለው ማለት ነው። መፍትሄው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስኬሉን፣ ማለትም ቀለሞቹ ከስንት እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚያሳዩ፣ መቆለፍ ነው፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ ይቻላል። እኔ ክረምት ላይ ውስጥ ሳነሳ ከ55 እስከ 72 ፋራናይት ላይ እቆልፈውና ቤቱን በሙሉ በዛው እዞረዋለሁ። ጓደኛዬ ቤት እንደዛ ሳደርገው ሳሎኑ ውስጥ አስፈሪ የነበረው ግድግዳ በሙሉ አንድ አይነት ብርቱካናማ ሆነ። ካሜራችሁ የማይቆለፍ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን ተዉትና በመሀሉ ነጥብ የሚያሳየውን ቁጥር አንብቡ፣ ግድግዳው ላይ እዚህም እዛም እያነጣጠራችሁ ቁጥሮቹን አወዳድሩ።

ሁለተኛው መስታወት ነው፣ ጓደኛዬን ብዙ ሺህ ዶላር ሊያስወጣው የነበረውም ይሄው ነው። ቴርማል ካሜራ በመስታወት ውስጥ አሻግሮ አያይም፣ መስታወቱ ለሱ ግማሽ ግድግዳ ግማሽ መስታየት ነው። ከውጭ ስታነሱት የጎረቤትን ሞቃት ግድግዳ ወይ የመንገዱን ሙቀት ያንጸባርቅና ቀይ ይመስላል፣ ጥርት ያለ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ሰማዩ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ የላይኛው ፎቅ መስኮት ያንን ያንጸባርቅና ከውጭው አየር እንኳን የባሰ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። የሚያብረቀርቅ ብረት፣ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ የበር እጀታም እንደዛው ነው፣ ቁጥሩ የራሳቸው ሙቀት አይደለም። ነጸብራቅ መሆኑን ለማወቅ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ፣ ቀይዋ ነጥብ ከናንተ ጋር ከተንቀሳቀሰች ነጸብራቅ ናት፣ ቦታዋ ላይ ከቀረች እውነተኛ ናት። የግድ የብረት ሙቀት ማወቅ ካለባችሁ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ትንሽ ጠብቁና ፕላስተሩን አንብቡ። እርግጥ መስኮት ከግድግዳ የበለጠ ሙቀት ማሳለፉ አይቀርም፣ ግን ሁለት መስታወት ያለው ደህና መስኮት ከግድግዳው ሞቆ መታየቱ የተፈጥሮው ነው፣ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። መስኮት ላይ መታየት ያለበት ፍሬሙ ዙሪያ ነው፣ እሱም ከውስጥ።

ሰዓቱንም ብዙ ሰው አያስብበትም። ከሰዓት በኋላ ፀሀይ የመታው ግድግዳ ከጨለመ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ እንጨትና ሳይዲንግ ከሆነ ሶስት ሰዓት ያህል፣ ጡብ ከሆነ እስከ ስምንት ሰዓት፣ እና በደቡብ በኩል ያለው ግድግዳ "ሙቀት እያፈሰሰ" ይመስላችኋል፣ የሚታየው ግን የቀኑ ፀሀይ ነው። ጥሩው ሰዓት ንጋት ላይ ፀሀይ ሳትወጣ ነው፣ ንፋስ በሌለበት። ውስጥና ውጭ ደግሞ ቢያንስ 18 ፋራናይት ማለትም 10 ሴልሺየስ ልዩነት ይኑር፣ ያውም ለተወሰኑ ሰዓታት የቆየ። ሚኒሶታ ክረምት ላይ ይሄ አያሳስብም፣ ዲሲና አትላንታ ያላችሁ ግን ቀዝቃዛ ሌሊት መምረጥ አለባችሁ። እኛ ያን ቅዳሜ ስናነሳ ውጭው 10 ፋራናይት ውስጡ 70 ነበር።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፣ ቅርጹን አለማንበብ። ካሜራው ግድግዳ ውስጥ አያይም፣ የሚያየው የላዩን ሙቀት ብቻ ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግራችሁ የቀዝቃዛው ቦታ ቅርጽ ነው። እዚህ አገር አብዛኛው ቤት የእንጨት ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ በየ16 ኢንቹ ቋሚ እንጨት አለ፣ በመሀላቸው ኢንሱሌሽን ይሞላል። እንጨት ከኢንሱሌሽን የበለጠ ሙቀት ስለሚያሳልፍ ክረምት ላይ ከውስጥ ስታዩት ቋሚዎቹ እንደ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ይታያሉ፣ ይሄ ጤናማ ግድግዳ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ያንን መስመር አይቶ ስንጥቅ ነው ብሎ ይጨነቃል። የልጆቹ ክፍል ውስጥ ከጣሪያው ዝቅታ ስር ያለው አጭሩ ግድግዳ ላይ ያየነው ግልባጩን ነው፣ ቋሚዎቹ 64 በመሀላቸው ያለው ሰፊ ቦታ 60። እንጨቱ ከመሀሉ ሞቆ ከታየ ብዙ ጊዜ መሀሉ ባዶ ነው ማለት ነው። ጎን ላይ ያለው ሞልቶ የነበረ ግድግዳ 67 ነበር የሚያነበው። ከኋላ ባለችው ትንሽ በር ገብተን ስናይ የድሮው የፋይበርግላስ ኢንሱሌሽን ተንሸራቶ መሬት ላይ ተኝቷል።

ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ሳጥን የመሰለ ቅዝቃዜ ኢንሱሌሽን የጎደለበት ነው። የአየር ፍሳሽ ግን እንደዛ አይደለም፣ ከአንድ ስንጥቅ ተነስቶ እንደ ላባ ወይ እንደ ጣት እየሳሳ ይበተናል፣ ከወለሉ ጥግ፣ ከሶኬት፣ ከበር ስር። እጃችሁን ስታስጠጉ ይሰማችኋል። ልዩነቱ የሚጠቅመው መድሃኒታቸው ስለማይገናኝ ነው፣ ፋይበርግላስ አየር አያቆምም፣ ስንጥቁን በፎም ወይ በሲሊኮን ሳትደፍኑ ላዩ ላይ ኢንሱሌሽን ብትከምሩ አየሩ በመሀሉ አልፎ ይሄዳል። ሶስተኛ ቅርጽም አለ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነ እድፍ የመሰለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ውሃ ነው፣ እርጥብ ቦታ እየተነነ ስለሚቀዘቅዝ። በተለይ ጣሪያ ጠርዝ ላይ በረዶ የሚጋገርበት ቤት ኮርኒሱ ላይ እንደዛ ካያችሁ በእርጥበት መለኪያ ሳታረጋግጡ እንዳትዘጉት፣ ሻጋታ ታሳድጉበታላችሁ። የግድግዳ ጥግና ከሶፋ ጀርባ ያለ ቦታ ደግሞ የክፍሉ አየር በደንብ ስለማይደርሰው ሁሌም ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፣ እሱን እለፉት።

ሌላው ስህተት ፎቅ ላይ ምንም ካልታየ ፎቁ ደህና ነው ብሎ መሄድ ነው። ክረምት ላይ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣና በላይኛው ክፍል ስንጥቅ ይሄዳል፣ በሱ ምትክ ቀዝቃዛው ከታች በቤዝመንት በኩል ይገባል። ስለዚህ ታች ያለው ፍሳሽ ከውስጥ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ላይ ያለው አይታይም፣ ምክንያቱም በስንጥቁ እየወጣ ያለው የክፍሉ የራሱ ሞቃት አየር ነው፣ ዙሪያውን አያቀዘቅዘውም። የቤት ሙቀት ፍሳሽ የሚመረምሩ ኦዲተሮች በር ላይ ትልቅ ፋን ገጥመው አየሩን ወደ ውጭ የሚስቡት ለዚህ ነው፣ ያኔ በየስንጥቁ ቀዝቃዛው ወደ ውስጥ ይገባል። እሱ ከሌላችሁ መስኮቱን በሙሉ ዘግታችሁ የሻወር ፋኖቹን፣ የኩሽናውን ጭስ መሳቢያና የልብስ ማድረቂያውን አብሩና 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ቤቱ በደንብ ካልተሳበ ግን ደካማ ስንጥቅ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ከዚህ በፊት ግን በጋዝ የሚሰሩትን ፈርነስና የውሃ ማሞቂያ አጥፉ፣ ፋኖቹ አየሩን ሲስቡ የማሞቂያው ጭስ በጭስ ማውጫው ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም ይገድላል። ስትጨርሱም መጀመሪያ ፋኖቹን አጥፉ ከዛ ነው ማሞቂያውን የምታበሩት። እኛ ከማብራታችን በፊት ጣሪያው ስር ወዳለው ባዶ ቦታ፣ ወደ አቲክ፣ የምታስወጣዋ የኮርኒስ ክዳን 69 ነበረች፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ በአራቱም ጎኗ ቀዝቃዛ ላባ ወጣባት፣ ጠርዟ 54 ገባ። ማሸጊያ ጎማ የሚባል ነገር አልነበራትም፣ ከእንጨት የተቆረጠች ስስ ጣውላ ናት። ከአጭሩ ግድግዳ ስር በወለሉ በኩልም እንደዛው ይነፍስ ነበር።

መስኮቶቹንስ? በዛው ሰዓት ፍሬማቸውን አየናቸው፣ ከ11ዱ ሁለቱ ብቻ ናቸው ከጎናቸው አየር የሚያስገቡት፣ በሲሊኮን ደፈንናቸው። የቀረው ስራ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ፣ መጀመሪያ በአጭሩ ግድግዳ ስር ያለውን ክፍተት በፎም ሰሌዳ ዘጋን፣ ከዛ መሀሎቹን ሞልተን በስተጀርባ ሰሌዳ መታንባቸው እንዳይንሸራተት፣ ክዳኗንም ጎማ አደረግንላት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥገና በኋላ ስታነሱ የውጭውን ሙቀት ጻፉ። ውጭው 10 ፋራናይት በሆነበት ቀን የተነሳን ፎቶ 35 ፋራናይት በሆነበት ቀን ከተነሳው ጋር ብታወዳድሩ ምንም ሳትሰሩም የተሻሻለ ይመስላል። ስኬሉም ያው የተቆለፈው ይሁን፣ የምትቆሙበትም ቦታ ያው።

ጓደኛዬ የካቲት ላይ ውጭው 12 በሆነበት ንጋት እንደነገርኩት አድርጎ አነሳና ወዲያው ደወለልኝ፣ ድምጹ ደንግጧል። "የልጆቹ ግድግዳ ላይ ድሮ ያልነበሩ ጥቋቁር መስመሮች መጥተዋል፣ በየ16 ኢንቹ።" መሀላቸው ስንት ያነባል አልኩት። "67" አለ።