ኪቶኑ ወጥቷል፣ 3400 ላይ ያለው ፒክ ግን የማን ነው?

ሳይክሎሄክሳኖልን በበረኪናና በአሴቲክ አሲድ ኦክሲዳይዝ አድርጋችሁ ሳይክሎሄክሳኖን ሠራችሁ እንበል። የኢንፍራሬድ ስፔክትረሙ ሲወጣ 1715 አካባቢ ቁልቁል የወረደ ጠንካራ ፒክ አለ። ካርቦኒሉ ነው፣ እሰየው። ወደ ግራ ስትሄዱ ግን 3400 አካባቢ ሌላ ነገር ይታያል። (እዚህ የምጠራቸው ቁጥሮች ሁሉ በ cm⁻¹ ናቸው።)

ብዙ ሰው ሰንጠረዡን ገልጦ "O–H፣ ስለዚህ አልኮሉ አላለቀም" ብሎ ይጽፋል። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን እዚያ ቦታ ላይ ሊገኙ የሚችሉ ነገሮች ቢያንስ አራት ናቸው፣ መፍትሄያቸውም ይለያያል። ሰንጠረዡ የሚነግራችሁ ማን ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው። ማን እንደሆነ የሚለየው ሁለተኛ ምስክር ነው። ያ ቡድን እውነት ካለ ሌላም ቦታ ላይ ፒክ መስጠት አለበት።

ምልክት፦ ትንሽና ቀጠን ያለ ፒክ፣ 3400 እና 3430 መካከል

ይህ የካርቦኒሉ የራሱ ጥላ ነው፤ ኦቨርቶን ይሉታል። የ C=O እርግብግቢት በእጥፍ ሲነሳ 1715 ሁለት ጊዜ፣ ማለትም 3430 ላይ መውጣት ነበረበት። በተግባር ግን ከእጥፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። መለያው መጠኑና ቅርጹ ነው። O–H ሰፊ ሆድ አለው፣ ይሄ ግን ጠባብና ደካማ ነው። ንጹህ የሳይክሎሄክሳኖን ስፔክትረም ላይም ታገኙታላችሁ።

መፍትሄ? የለውም፤ ችግር አይደለምና። ናሙናውን እንደገና ለማጣራት አትድከሙ።

ምልክት፦ ሰፊ ፒክ፣ 3300 እና 3500 መካከል

እዚህ ነው ጉዳዩ የሚከረው። ተጠርጣሪዎቹ ውሃና ያልተለወጠው አልኮል ናቸው። ሁለቱም O–H አላቸው፣ ሁለቱም በሃይድሮጅን ቦንድ ስለሚያያዙ ፒካቸው ይሰፋል። ፒኩን ብቻ እያዩ መለየት ከባድ ነው።

የውሃ ሁለተኛ ምስክር 1640 አካባቢ አለ። ሁለቱ ሃይድሮጅኖች እንደ መቀስ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚወጣ ፒክ ነው፤ አልኮል ደግሞ ይህ የለውም። ተንኮሉ ግን ካርቦኒሉ 1715 ላይ በጣም ስለሚበረታ የውሃው ፒክ በስተቀኙ እንደ ትንሽ ትከሻ ሆኖ ሊደበቅ መቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ C=C ነው ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ምርት ውስጥ C=C ከየት ይመጣል?

የአልኮሉ ምስክር C–O ነው። በሳይክሎሄክሳኖል ላይ 1070 አካባቢ ይገኛል፣ ከስፔክትረሙ ጠንካራ ፒኮችም አንዱ ነው። ችግሩ ኪቶኑም በዚያ ሰፈር የራሱ ትንንሽ ፒኮች አሉት። ስለዚህ "1070 ላይ የሆነ ነገር አየሁ" አይበቃም። የመነሻውን አልኮል ስፔክትረም በዚያው መሣሪያ አንሱና ሁለቱን ደራርባችሁ እዩ። አልኮሉ በብዛት ቀርቶ ከሆነ ያ ፒክ ከንጹህ ኪቶን በግልጽ ይበልጣል።

አሁንም ካልተለየ ቀላሉ ፈተና ማድረቅ ነው። ጥቂት ናሙና ውሰዱ፣ ውሃ አልባ ማግኒዚየም ሰልፌት ጨምሩበት፣ ዱቄቱ ሳይጓጉል በነጻነት እስኪንሳፈፍ ጠብቁና አጣርታችሁ እንደገና አንሱት። ሆዱ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ውሃ ነበር። ንቅንቅ ካላለ አልኮል ነው።

ውሃ ከሆነ ሙሉውን ምርት በዚያው መንገድ ማድረቅ ነው። ናሙናችሁ ጠጣር ሆኖ ከ KBr ጋር ጨምቃችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ KBr ውን ጠርጥሩት። እርጥበት ከአየር ይስባል። 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አድርቁት፣ ዴሲኬተር ውስጥ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ምንም ናሙና የሌለበት ክኒን ሠርታችሁ አንሱ። ባዶው ክኒንም 3400 አካባቢ ሆድ ካሳየ ጥፋቱ የምርታችሁ አይደለም።

አልኮል ከሆነ ደግሞ ብዙዎች ወደ ዲስቲሌሽን ይሮጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ አይጠቅምም። ሳይክሎሄክሳኖን 156 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሳይክሎሄክሳኖል 161 አካባቢ። በተራ ዲስቲሌሽን ተያይዘው ነው የሚወጡት። የሚሻለው ኦክሲዴሽኑን መጨረስ ነው። በረኪና ሲቆይ ስለሚደክም በቂ ነው ያላችሁት መጠን ላይበቃ ይችላል። በስታርችና በፖታሲየም አዮዳይድ የተነከረ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርጉ። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ካልተለወጠ ኦክሲዳይዘሩ አልቋል ማለት ነው፣ ጨምሩ። ከተለወጠ ትርፍ አለ፤ ጊዜ ስጡት፣ መጨረሻ ላይ ትርፉን በሶዲየም ባይሰልፋይት አጥፉት።

አንድ ገደብ ግን አለ። ስፔክትረሙ ላይ አልኮል አልታየም ማለት አልኮል የለም ማለት አይደለም። ከጥቂት ፐርሰንት በታች የሆነ ቆሻሻ ኢንፍራሬድ ላይ በቀላሉ ያመልጣል። ንጽህናውን በቁጥር ከፈለጋችሁ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ከ3300 እስከ 2500 የተንጣለለ እብጠት፣ የ C–H ፒኮች በላዩ ተሰክተው

ይህኛው አልኮልም ውሃም አይመስልም። አሴቲክ አሲዱ ነው የቀረው። ካርቦክሲሊክ አሲዶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አጥብቀው ስለሚያያዙ O–H ቸው ወደ ቀኝ ይወርድና 2900 አካባቢ ያሉትን የ C–H ፒኮች ሳይቀር ይውጣል። ክፋቱ የአሲዱ ካርቦኒልም 1710 አካባቢ መውጣቱ ነው። ከኪቶኑ ጋር ተደርቦ የምርታችሁ ፒክ ይመስላል። 1715 ን ብቻ አይቶ "ተሳክቷል" ያለ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው።

መፍትሄው ምርቱን ውሃ ውስጥ በሟሟ ሶዲየም ካርቦኔት ማጠብ ነው። ጋዝ ስለሚወጣ መለያ ፈነሉን ቶሎ ቶሎ አስተንፍሱት። አረፋው እስኪቆም እጠቡ፣ አድርቁ፣ እንደገና አንሱ። እብጠቱ ሲጠፋ የ C–H ፒኮቹ ከጠፍጣፋ መስመር ላይ ብቻቸውን ሲወርዱ ታያላችሁ።

ምልክት፦ 2350 አካባቢ መንታ ፒክ

ይሄ አየሩ ውስጥ ያለ CO₂ ነው፤ ናሙናው የለበትም። ናይትራይል እንዳትሉት፣ ናይትራይል 2250 አካባቢ ነው፣ መንታም አይደለም። ባክግራውንድ ከተነሳ በኋላ የክፍሉ አየር ሲለወጥ ይመጣል፣ አንዳንዴም ተገልብጦ ወደ ላይ ይቆማል። ባክግራውንዱን እንደ አዲስ አንሱና ሳትዘገዩ ናሙናውን አስከትሉ።