ከተማ ለሚቀይር ተከራይ የምስክርነት ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ብርሃን ቤት ታከራያላችሁ እንበል። ግቢያችሁ ውስጥ የኖረች መምህርት ወደ ሐዋሳ ተዛወረች። እዚያ ያለው አከራይ አያውቃትም፤ ደላላው ደግሞ ለሁሉም «ጨዋ ናት» ነው የሚለው። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፉልኝ አለች።

መጀመሪያ ውሉንና የኪራይ ደረሰኞቹን፣ በባንክ ከሆነም የሂሳብ መግለጫውን አውጡ። «በጣም ጥሩ ሰው ናት» የሚል ደብዳቤ ማንንም አያሳምንም። አዲሱ አከራይ ማወቅ የሚፈልገው ኪራዩ በሰዓቱ ይመጣል ወይ፣ ቤቱስ እንዴት ይያዛል የሚለውን ነው።

ከላይ ቀኑን፣ ከዚያ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላችሁ ጀምሩ። አካሉ ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«ወ/ሪት … ከመስከረም 2014 እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኘው ቤቴ በተከራይነት ኖረዋል። ኪራይ ወር በገባ በ5 ቀን ውስጥ ይከፍሉ ነበር። አንድ ወር ደመወዝ ስለዘገየባቸው አስቀድመው ነግረውኝ በ15ኛው ቀን ከፍለዋል። በጋራ ቆጣሪ የሚደርስባቸውን የመብራት ሂሳብ ያለ ጭቅጭቅ ሸፍነዋል። ቤቱን የለቀቁት በሥራ ዝውውር ምክንያት ነው። ቁልፉን ሲያስረክቡ ቤቱን አይቻለሁ፤ ያልተከፈለ ዕዳም ሆነ ያበላሹት ነገር የለም።»

የዘገየችበትን ወር ለምን እናነሳለን? አንባቢው ደብዳቤው በይሉኝታ እንዳልተጻፈ የሚያውቀው በእሱ ነው። ያም ሆኖ ከመጻፋችሁ በፊት ለተከራይዋ አሳዩአት፤ ከተቀየመች ይቅር። የኪራዩን መጠን ግን ባትጽፉት ይሻላል። አዲሱ አከራይ ዋጋውን ከዚያ ተነስቶ ሊጠራባት ይችላል። ሃይማኖት፣ ብሔርና የቤተሰብ ጉዳይም ቦታቸው እዚህ አይደለም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቤቱን ሳታዩ አትፈርሙባት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ከሰል ይነዳል። ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ፣ ጠቁሮ እንደሆነ። ካልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳም እርጥበት እንዳልያዘው ፈትሹ። የቆጣሪውን ንባብ አብራችሁ መዝግቡ። ጥፋት ከተገኘ መጀመሪያ ተነጋግራችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ጻፉ።

አንድ ቃል ተጠንቀቁ፦ «ዋስ ነኝ» ወይም «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» አትበሉ። ምስክርነት ያያችሁትን መናገር ነው፤ ዋስትና ደግሞ የሌላ ሰው ዕዳ ሊያስከፍል የሚችል ግዴታ ነው። በእርግጥ የኛ ሕግ ዋስትና በግልጽ ካልተነገረና ጣሪያው በገንዘብ ካልተጠቀሰ አይቀበለውም። ግን ቃሉን ጽፎ ፍርድ ቤት ከመከራከር መተው ይቀላል።

ከታች ሙሉ ስም፣ ስልክና ፊርማ ይኑር። የስልኩ ነገር ዋና ነው፤ ከሐዋሳ የሚደወለው የደብዳቤውን እውነት ለማጣራት ነውና የማታውቁትን ቁጥርም አንሱ። ደዋዩ «መልሰው ያከራዩአት ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዋናውን ለእሷ ስጡ፣ አንድ ኮፒ እናንተ ጋ ይቅር። ቸኩላ ከሆነ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩላት።