ፕሬድኒሶሎን እየወሰዱ ስኳር ጠዋት 96፣ ከሰዓት 340፦ ችግሩና መፍትሄው

የሚመጡት ሰዎች የሚነግሩኝ አንድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ውሃ አያረካቸውም፣ ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ይነሳሉ፣ አይናቸው ብዥ ይላል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለኩ ግን ስኳራቸው ደህና ነው። "ስኳር የለብኝም፣ የባህር ዳር ሙቀት ነው" ብለው ይቀመጣሉ። ስኳር ክትትል ላይ ነርስ ሆኜ በሰራሁበት ጊዜ ከዚህ በላይ የተደጋገመብኝ ስህተት የለም።

ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ነው፣ ስቴሮይድ ጉበት ስኳር እንዲለቅ ይገፋዋል፣ ሰውነት ደግሞ ለኢንሱሊን በደንብ እንዳይታዘዝ ያደርገዋል። ጠዋት 2 ሰዓት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳሩን በጣም ከፍ የሚያደርገው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ነው፣ ማለትም ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት፣ ከዛም ምሽቱን ይዞት ይቆይና ሌሊት እየበረደ ሄዶ ጠዋት ልኩ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ብቻ መለካት መድኃኒቱ የለቀቀበትን ሰዓት መርጦ መለካት ነው። ዴክሳሜታሶን የሚባለው ስቴሮይድ ግን ከአንድ ቀን በላይ ስለሚሰራ ጠዋቱንም ከፍ ያደርጋል፣ ፕሬድኒሶሎንም በቀን ሁለቴ ከተወሰደ እንደዛው።

አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጡ፣ 52 ዓመታቸው ነው፣ በኩላሊት ህመም ምክንያት በቀን 40 ሚሊግራም ታዞላቸዋል፣ በ5 ሚሊግራሙ ኪኒን ስምንት ማለት ነው። ሌላ ቦታ ሁለቴ በባዶ ሆድ ተለክተው 96 እና 101 ወጥቶላቸው "ነጻ ነሽ" ተብለው ተመልሰዋል። የከሰዓቱን ማንም አልጠየቃቸውም፣ ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነበር፣ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት እንጀራውን በአንድ ጊዜ ይበላሉ። "እትዬ፣ ዛሬ በልተው 11 ሰዓት ላይ ይምጡልኝ" አልኳቸው። 342። እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኳቸውና ደገምኩት፣ ምክንያቱም ማንጎ የነካ ጣት ብቻውን ቁጥሩን ሊያዘልለው ይችላል፣ 338 ወጣ።

ስኳር የሌለበት ሰው ስቴሮይድ ሲጀምር በቀን አንዴ ይለካ፣ ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ከራት በፊት። ከ180 በላይ ሁለቴ ካየ በቀን አራቴ፣ ከየምግቡ በፊትና ሲተኛ፣ እየለካ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጽፎ ለሐኪም ያሳይ። ቀድሞም ስኳር ያለበት ከመጀመሪያው ቀን አራቴ ይለካ። ከ300 በላይ ሆኖ ማስታወክ፣ መፍዘዝ ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካለ ነገን አትጠብቁ፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስትሪፑን እርጥበትና ፀሐይ ያበላሸዋል፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አታስቀምጡት።

ለእትዬ ሐኪሙ ጠዋት ከፕሬድኒሶሎኑ ጋር የሚወጋ ኤንፒኤች ኢንሱሊን አዘዘላቸው፣ የሱም ጉልበት ቀን ላይ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር እኩል ይሄዳል። እዚህ ላይ አደራ የምለው ለነባር የስኳር ታካሚዎች ነው። አንድ አባት የማታው ቁጥር 290 ሲሆንባቸው በራሳቸው የማታውን ኢንሱሊን ጨመሩ፣ ሌሊት ስኳሩ በራሱ በሚወርድበት ሰዓት ማለት ነው፣ ሊነጋ ሲል በላብ ተጠምቀው ሲንቀጠቀጡ ቤተሰብ አገኛቸው፣ 48 ነበር። የማታ ቁጥር ከፍ ስላለ የማታ ኢንሱሊን አይጨመርም፣ የሚስተካከለው የቀኑ ነው፣ እሱም በሐኪም።

ሌላው አደጋ ስቴሮይዱ ሲቀነስ ነው። እትዬ ከ40 ወደ 20 ሲወርዱ ኢንሱሊኑን የቀነሰላቸው ሰው አልነበረም፣ ማታ 62 ገቡ። ስቴሮይድ በተቀነሰ ቁጥር ያው ቀን "ኢንሱሊኔስ?" ብላችሁ ጠይቁ። እባካችሁ ደግሞ "ስኳር አመጣብኝ" ብላችሁ ስቴሮይዱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ከሶስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል በድንገት ማቆም የደም ግፊት ጥሎ ሊገድል ይችላል።

መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋው ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት ስኳር ያነሳል። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት በተለመደው መጠን እምብዛም አይነካም።

እትዬ ፕሬድኒሶሎኑ ሲያልቅ ኢንሱሊኑም ቆመላቸው። ከሶስት ወር በኋላ በባዶ ሆድ 108 ሆነ፣ አሁን ስቴሮይድ ስለሌለ የጠዋቱ ቁጥር ይታመናል፣ 108 ደግሞ የስኳር ህመም ባይባልም ከልኩ ትንሽ አልፏል፣ ስለዚህ በየዓመቱ እየመጡ ይለካሉ።