ቆጣሪው አላበደም፦ የመብራት፣ የውሃና የማብሰያ ወጪ ሲንር ከየት እንጀምር?

ወሩ ሳይጋመስ የመብራት ካርድ ሲያልቅ አፋችን ላይ የሚቀድመው «ይሄ ቆጣሪ አብዷል» የሚለው ነው። እኛም ቤት እንዲያ ስንል ከረምን። ኋላ ላይ አንድ ቅዳሜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ። ጤነኛ ነበር። የታመመው ሌላ ነው።

ምልክት፦ የመብራት ካርድ ቶሎ ያልቃል

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ንቀሉ፤ ፍሪጁንም ቦይለሩንም። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት እዩ። የሚበላው ኃይል በጨመረ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትላለች። ሁሉ ተነቅሎም ብልጭታው ከቀጠለ፣ ከእናንተ መስመር ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሏል ወይም አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ኃይል ይፈሳል። ያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ እናንተ አትነካኩት።

ብልጭታው ከቆመ ግን አንድ ዕቃ ብቻ ሰኩና 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ቆጣሪው ፊት ላይ `1000 imp/kWh` ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፏል። የቆጠራችሁትን በ60 አባዙና በዚያ ቁጥር አካፍሉ። የሚመጣው የዕቃው ጉልበት በኪሎዋት ነው።

የእኛ ምጣድ በደቂቃ 58 ጊዜ ብልጭ አስባለ። 58 በ60 ሲባዛ 3480፣ ለ1000 ሲካፈል ወደ 3.5 ኪሎዋት። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ማብራት ማለት ነው። ልጆቹን «መብራት አጥፉ» እያልኩ የጮህኩበት ዘመን ትንሽ አሳፈረኝ።

ምልክት፦ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ይዘገያል

እዚህ ላይ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንዱ ሰዓቱ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰካ ኃይሉ ይደክማል። ያን ሰዓት ብቆጥር 39 ብልጭታ ብቻ ሆነ። ኃይሉ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል። ታዲያ ትንሽ በላ ብላችሁ አትደሰቱ። ምጣዱ እስኪግል ሙቀቱ በጎንና በሥር እየወጣ ብዙ ደቂቃ ይባክናል። መፍትሔው በጠዋት መጋገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሥሩ ነው። ከሸክላው በታች የሚሞቀው ሽቦ የተቀበረበት ጄሶ ሲሰነጠቅ ሽቦው ከሸክላው ይርቃል፤ ሙቀቱም ወደ ታች ይሄዳል። እንዴት ይታወቃል? እየጋገራችሁ ሳለ እጃችሁን ከጠረጴዛው በታች አስጠጉ፤ ሳትነኩ። ወበቁ ፊት የሚገርፍ ከሆነ ገንዘባችሁ እዚያ እየወጣ ነው። ምጣድ ጠጋኝ ጄሶውን አድሶ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ይሞላበታል። እግረ መንገዱን ሶኬቱንም ያሳዩት። ፕላጉ ከጋለ ወይም ፕላስቲክ ከሸተተ ንክኪው ላልቷል፤ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው።

የእኛን ስሌት ልንገራችሁ። ድሮ በሳምንት ሁለቴ 12፣ 12 እንጀራ እንጋግር ነበር። ለማጋል 15 ደቂቃ፣ ለአንዱ እንጀራ 4 ደቂቃ። በሳምንት 126 ደቂቃ፣ ማለትም 7.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። አሁን አንዴ 24 እንጋግራለን። ከጥገናው በኋላ አንዱ በ3 ደቂቃ ይደርሳል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ነቅለን በግለቱ እንጋግራቸዋለን። ጠቅላላ 81 ደቂቃ፣ 4.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቀረልን። በተረፈው ግለት ደግሞ ቆሎ ይቆላል።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ካርዱ አሁንም ቶሎ ያልቅ ነበር።

ምልክት፦ ምጣዱ ተስተካክሎም ካርዱ ይሮጣል

ምጣድ ቢጮህም በሳምንት አንዴ ነው። ዝም ብሎ ሌት ተቀን የሚበላው ቦይለር ነው። አንድ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሁሉን ነቅዬ ቦይለሩን ብቻ ተውኩ። ውሃው ሞቆ የቦይለሩ ጠቋሚ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ማንም አልታጠበም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቆጣሪው 0.5 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሯል። በቀን 1.5፣ በወር 45! ውሃ ሞቆ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ሞቆ ብቻ። ምጣዱ ካተረፈልን አራት እጥፍ ማለት ነው።

አሁን ከመታጠባችን አንድ ሰዓት ተኩል በፊት እናበራለን፤ ሲሞቅ እናጠፋለን። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ለማምጣት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ያ 45 ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ አብዛኛው ግን ይቀራል።

የመብራት ዋጋ በእርከን እንደሆነ አትርሱ። ብዙ ባበራችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይወደዳል። ስለዚህ በአንድ ቆጣሪ ሦስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ቆጣቢውም በውድ እርከን ይከፍላል። ይህን በቁጠባ ብቻ አትፈቱትም። የሚፈታው የየራስ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ አከራዩን አነጋግሩ።

ምልክት፦ የውሃ ሒሳብ ጨመረ፣ የሚፈስ ግን አይታይም

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የውሃ ቆጣሪውን ማየት ብቻ ያታልላል። ቆጣሪው የሚዞረው ሮቶው ሲሞላ ነው፤ የቤቱ ፍሳሽ ግን ከሮቶው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሮቶው ላይ ምልክት አድርጉ። ውሃ በማይመጣበት ሌሊት፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ የውሃውን ልክ በእንጨት ለኩና ጠዋት ድገሙ። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ክብ ሮቶ 1 ሴንቲሜትር ሲወርድ 8 ሊትር ያህል ሄዷል። በ8 ሰዓት 5 ሴንቲሜትር ከወረደ በወር 3.6 ሜትር ኩብ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ጨምሩበትና 20 ደቂቃ አትልቀቁት። መቀመጫው ውስጥ ቀይ ካያችሁ ከታች ያለው ጎማ አልይዝ ብሏል። አውጥታችሁ ከሥሩ የተጋገረውን ጨው በኮምጣጤ አጽዱት፤ ካልሆነ ጎማውን መቀየር ነው። ሮቶው በሌሊት ሞልቶ በላይኛው ቱቦ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ውሃ ገብቶበታል ወይም ክንዱ ተጣሟል። ይህን የሚነግራችሁ ጠዋት እርጥብ ሆኖ የሚገኘው ግድግዳ ነው።

ምልክት፦ ጋዝ ወይም ከሰል አይበረክትም

የጋዙ እሳት ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ካጠቆረ ጋዙ በደንብ አልነደደም፤ የምድጃው ቀዳዳ በገነፈለ ወጥ ተደፍኗል። ሲቀዘቅዝ በመርፌ ክፈቱት፣ እጠቡት፣ አድርቁት። ሽታ ካለ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ካበጠ ዝጉት፤ በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም።

ባቄላና ሽንብራ ሌሊቱን ይዘፍዘፉ። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ ክደኑት። ሲንተከተክ እሳት ቢጨመርበት የሚበዛው እንፋሎቱ ነው፤ ፈጥኖ አይበስልም።

ከሰል ላይ ከሆናችሁ ላቀች ምድጃ ከተራው ቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ይበላል፤ ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ የታችኛውን በር ገርበብ አድርጉ። የተረፈውን ፍም በውሃ አታጥፉ፣ በክዳን አፍኑት፤ ነገም ይነዳል። ይህን ሁሉ ግን ከክፍል ውጭ። የታፈነ ፍም ጭሱ ባይታይም ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።