የአደጋ ሪፖርት ሲጻፍ ምን ይቀራል፣ ምን ይወጣል?

መጋዘን ውስጥ አደጋ ደረሰ እንበል። የፈረቃ ኃላፊው በዚያው ቀን ሪፖርት እንዲያስገባ ተጠየቀና ይህን ረቂቅ ጻፈ፦

«ከጠዋቱ 4፡20 ገደማ የፎርክሊፍት ኦፕሬተሩ እንደ ልማዱ በፍጥነት ወደ ኋላ ሲመጣ መደርደሪያ ቁጥር 7ን ገጨ። ስልክ እያወራ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ወር በማርፈድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሲሆን፣ ሰሞኑን ከባለቤቱ ጋር ስለተጣላ ሐሳቡ ሥራው ላይ አልነበረም። ሦስት ካርቶን ወድቆ አንዱ የጭነት ሠራተኛውን እግር ሰበረው። የማሽኑ የኋላ ማርሽ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም ተብሏል። ሠራተኛውም መከላከያ ጫማ ማድረግ ነበረበት።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንዳለ ሊቀመጥ የሚችል ግን አንድም የለም። ሆኖም ግማሹን ሰርዞ መገላገልም አያዋጣም፤ ከግምቱ ጋር ተጠቅልሎ የገባ እውነተኛ መረጃ አብሮ ይጠፋል።

መጀመሪያ የሪፖርቱን ዓይነት ይለዩ። በዕለቱ የሚገባው የክስተት ሪፖርት ምን እንደታየ፣ ምን እንደተሰማና ምን እንደተደረገ ብቻ ይናገራል። «ለምን ደረሰ?» የሚለው የምርመራ ሪፖርቱ ሥራ ነው፤ እዚያም ቢሆን መደምደሚያ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት፣ ከማስረጃው ጋር ይጻፋል። ሁለቱን የሚደባልቅ ሰው ምርመራው ሳይጀመር ጥፋተኛውን ሰይሞ ያርፋል።

ቀጥሎ ረቂቁን ያትሙና እርሳስ ይያዙ። በስክሪን ላይ ማረም ይቻላል፤ ነገር ግን ሰው የራሱን ጽሑፍ ስክሪን ላይ ሲያነብ ዓይኑ ቶሎ ያልፋል። እያንዳንዱን ሐረግ «ይህን ማን አየ? ማን ሰማ? ማን ለካ?» እያሉ ይጠይቁ። መልስ ያጣውን ያስምሩበት። «ምናልባት»፣ «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» ግምት መሆናቸውን ራሳቸው ስለሚናገሩ ለመያዝ አያስቸግሩም። የሚያስቸግሩት ግምት የማይመስሉት ናቸው። «ስለተጣላ» የምትለዋ አንዲት ቃል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታስገባለች፤ ጠብ መኖሩንና ጠቡ ለአደጋው ምክንያት መሆኑን። «እንደ ልማዱ» የሰውየውን የቀድሞ ባሕርይ ያለምንም ማስረጃ ይፈርዳል። «ተብሏል» ደግሞ ተናጋሪውን ይሰውራል።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው አሁን ነው፤ የተሰመረበትን መሰረዝ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ማየት። እያንዳንዱ ግምት ከአንድ ነገር ተነስቷል። ያ ነገር ካለ ግምቱ ይወጣና ነገሩ ይገባል፤ ከሌለ ግምቱ ብቻውን ይወጣል።

«በፍጥነት» የሚለውን እንውሰድ። ኃላፊው ራሱ አላየም፤ ፍጥነቱንም የለካ የለም። ሲጠየቅ ግን ወለሉ ላይ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ የጎማ ምልክት አይቶ እንደነበር አስታወሰ። ስለዚህ ምልክቱ በሜትር ተለክቶና ፎቶ ተነስቶ ይገባል፣ «በፍጥነት» ይወጣል። ምልክቱ የዚያን ቀን ይሁን የቆየ መርማሪው ያጣራል።

ስልኩም እንዲሁ ነው። አንድ የዓይን ምስክር «ስልኩን በቀኝ እጁ ጆሮው ላይ ይዞ አየሁት» ካለ፣ ቃሉ ሳይቀነስና ሳይጨመር የእርሱ ቃል ሆኖ ይጻፋል። ማንም ካላየ ስለ ስልክ አንድም ቃል አይጻፍ። «ስልክ ስለመጠቀሙ አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍም ያው ሐሜት ነው፤ አንባቢው የሚያስታውሰው ስልኩን ነው።

የእግሩ ስብራት ብዙዎች የሚስቱት ነው። ስብራት የሐኪም ውሳኔ ነው። ፈረቃ ኃላፊ የሚያየው እግሩ ማበጡን፣ ሠራተኛው መርገጥ አለመቻሉንና «ቁርጭምጭሚቴን አመመኝ» ማለቱን ነው። ስካርም በዚሁ ሚዛን ይታያል። «ሰክሮ ነበር» አይባልም፤ የመጠጥ ሽታ፣ መንገዳገድ፣ የቃል መኮላተፍ ታይቶ ከሆነ የታየው ይጻፋል።

የማስጠንቀቂያ ድምፁ ጉዳይ ተቃራኒውን ስህተት ይጋብዛል። «ወሬ ነው» ተብሎ ቢሰረዝ ለድርጅቱ ይመቻል፤ ግን መሰረዝ የለበትም። ያለው መፍትሔ መሞከር ነው። ማሽኑን ሥልጣን ያለው ሰው የኋላ ማርሽ አስገብቶ ይሞክረዋል፣ የተሞከረበት ሰዓትና ውጤቱ ይጻፋል። «ከሰኞ ጀምሮ» ያለው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ የዕለት መፈተሻ ቅጹም ይያያዛል። ደስ የማይል መረጃም ግምት እስካልሆነ ድረስ ሪፖርቱ ውስጥ ይቆያል፤ የማይመች በመሆኑ የሚወጣ ነገር የለም።

የሠራተኛ የግል መረጃ ላይ ሲደርሱ ጥያቄው ይቀየራል። መረጃው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቀው ያቺን ቅጽበት ለመረዳት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ኦፕሬተሩ ፎርክሊፍት ለመንዳት ያለው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ የሚያበቃበት ቀን ጭምር ይጻፋል። የፈረቃው መጀመሪያ ሰዓትም ያስፈልጋል። የማርፈድ ማስጠንቀቂያው፣ የትዳር ጉዳይ፣ ደመወዝ፣ የፈቃድ ቀናት፣ የሕመም ታሪክ ይወጣሉ። ማስጠንቀቂያው ስለ አነዳዱ ቢሆንስ? ያኔም በክስተት ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም፤ መርማሪው ከሰው ኃይል ክፍል በራሱ መንገድ ይጠይቃል። አንድ የማይወጣ ነገር አለ፤ ኦፕሬተሩ ራሱ «አዞረኝ» ብሎ ከሆነ ይህ ስለ ክስተቱ የሰጠው ቃል ነው፣ ይቀራል። «ስኳር አለበት» የሚለው የጓደኛ ማብራሪያ ግን ይወጣል።

«መከላከያ ጫማ ማድረግ ነበረበት» ፍርድ ነው። የታየው የሸራ ጫማ ማድረጉ ነው። የመጋዘኑ የደኅንነት መመሪያ ጫማውን ግዴታ ካደረገ የአንቀጹ ቁጥር ይጠቀስ፤ ፍርዱን አንባቢው ይስጥ።

ተጠርጎ ሲያልቅ ረቂቁ እንዲህ ይሆናል፦

«ከጠዋቱ 4፡20 ገደማ ፎርክሊፍት ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ መደርደሪያ ቁጥር 7ን ገጨ። ወለሉ ላይ 1.9 ሜትር የጎማ ምልክት ታይቷል፤ ፎቶው ተያይዟል። ሦስት ካርቶን ወደቀ፤ አንዱ የጭነት ሠራተኛው ቀኝ እግር ላይ አረፈ። እግሩ አብጧል፣ መርገጥ አልቻለም፤ 4፡35 ላይ ወደ ሕክምና ተልኳል። ሠራተኛው የሸራ ጫማ አድርጎ ነበር። 4፡50 ላይ ማሽኑ የኋላ ማርሽ ገብቶ ሲሞከር የማስጠንቀቂያ ድምፅ አላሰማም። የሁለተኛው ፈረቃ ኦፕሬተር ‹ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም› ብሏል። የኦፕሬተሩ የብቃት ማረጋገጫ ቅጂና የዕለቱ መፈተሻ ቅጽ ተያይዘዋል።»

ርዝመቱ ከመጀመሪያው አልቀነሰም፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል፤ የጨመሩት በሰዓትና በልኬት የተያዙ ነገሮች ናቸው። ስሞችን በሥራ መደብ መተካት፣ የምስክሮችን ስልክ ደግሞ ለብቻው አባሪ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ አባሪው ለሚመለከተው ብቻ ይሰጣል።

የወጣው ነገር ከፋይሉም በትክክል መውጣቱን ያረጋግጡ። በዎርድ የእርማት ክትትል በርቶ ከተጻፈ የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጓዛል። Review ውስጥ Accept All Changes ይበሉ፣ አስተያየቶችን ያጥፉ፣ ከዚያ በ Inspect Document ይፈትሹ። ፒዲኤፍ ላይ ስም በጥቁር ሳጥን መሸፈን አይበቃም፤ ሳጥኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ መርጦ ኮፒ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ስሙን ከዋናው ሰነድ አጥፍተው እንደገና ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት፤ ከመላክዎ በፊትም በፋይሉ ውስጥ ስሙን ፈልገው ምንም አለመገኘቱን ይዩ።